ሦስተኛዋ ዛጎል

ዶካ ገበያ ሻይ የምታፈላ ሴት ሁሉ የምትታማበት አንድ ነገር አላት። እኔ የምታማው በዛጎል ነው። «ሸጊቱ ጠንቋይ ናት» ይላሉ ወንዶቹ። ብለው ሲያበቁ ሚስቶቻቸው ራኩባዬ ሥር ተሰልፈው ይገኛሉ። ራኩባ ማለት አራት ቋሚ እንጨትና የሣር ክዳን ነው። ፀሐይን ይከላከላል እንጂ ሐሜትን አይከላከልም።

ጠንቋይ አይደለሁም። ዛጎል የሰው ልብ ያውቃል ብዬም ለማንም ምዬ አላውቅም። ሥራውን ያስተማረችኝ ሐጃ አማል የምትባል የዶካ አሮጊት ነበረች። ከቋራ ሸሽቼ ድንበር ተሻግሬ ስመጣ ወንድሜ ኢሳያስ ገዳሪፍ ዳቦ ቤት ተቀጠረ፤ እኔ እዚህ ቀረሁ። ሐጃ አማል ከጎኗ ቦታ ሰጠችኝ፣ አረብኛውንም ዛጎሉንም አብራ አስተማረችኝ፣ አምና ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ሞተችና ቦታዋንም ዛጎሏንም ለኔ ተወችልኝ።

ዓለምነውን ያገኘሁት እሷ በሞተች ሰሞን ነው። ሰሊጥ ሊያጭዱ ከመጡት የመተማ ልጆች አንዱ ነበር። መዳፉን ማጭድ ቆርጦት ደሙ እየተንጠባጠበ ገባ። የፈላ ውኃ በጨው አድርጌ አጠብኩለት። ጥርሱን ነከሰ።

«አመመህ?» አልኩት።

«እጄስ ደህና ነው። ሻይሽ ነው ምላሴን ያቃጠለኝ።»

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ፣ እርሻው ሥራ ሲፈታ፣ ይመጣል። ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል፤ ጓደኞቹ ሲነሡ እሱ አይነሣም። ሻይ እንዲያ ቀስ ብሎ የሚጠጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ብዙ አናወራም ነበር። እኔ ኩባያ ሳጥብ እሱ እጄን ያያል፤ እሱ ወደ መንገዱ ሲያይ እኔ አንገቱን አያለሁ። ዓይን ለዓይን የተጋጨን ዕለት ሁለታችንም ወደ ሎሪዎቹ እንዞራለን፣ ልክ ሎሪ አይተን እንደማናውቅ።

አንድ ቀን ኩባያው ውስጥ እያየ፣ «ሰሊጡ ይለቅ እንጂ ገዳሪፍ ወርጄ ለወንድምሽ ሽማግሌ እልካለሁ» አለ።

«ሽማግሌ ከየት ታመጣለህ? እዚህ ያለው ያገር ሰው ሁሉ ወይ ጎረምሳ ነው ወይ ሰካራም።»

«ሁለት ሰካራም ተደምሮ አንድ ሽማግሌ ይወጣዋል።»

ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼም ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲያ ደስ ያለኝ መቼ እንደነበር አላስታውስም። አንዴ ብቻ «አገር ቤት ያላለቀ ነገር አለኝ» ብሎኝ ነበር። እኔም «ማን የሌለው አለ?» ብዬ አለፍኩት። ከድንበሩ ማዶ የተኩስ ድምፅ ትቶ ያልመጣ፣ አንድ ነገር ሳይጨርስ ያልመጣ ሰው ዶካ ውስጥ የለም።

*

ትሁት የመጣችው ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ረፋድ ነው። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራለች፣ ጸጉሯ በአገር ቤት ሹሩባ የተሠራ ነው። ሻይ አዘዘችና ሳትጠጣው አቀዘቀዘችው።

«እታለም» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ዛጎል የምትጥል ያገር ሰው አለች ብለውኝ ነው የመጣሁ። ስለ ወንድ ልጠይቅሽ ነው።»

«ስለ ወንድ ካልሆነማ ማን ይጠይቀኛል?» ብዬ ትሪውን አወጣሁ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ዛጎሎቹ ሰባት ናቸው። ጉብ ያለው ጀርባቸው ተሞርዷል፤ ስለዚህ ሲወድቁ ወይ አፋቸውን ከፍተው ወይ ተደፍተው ይተኛሉ። ጠያቂዋ ቢያድ የሚሉትን ነጭ ነገር ታኖራለች። ሳንቲም ከገበያ ስለጠፋ ዛሬ ዛሬ ስኳርም ይበቃል። ከዚያ ዛጎሎቹን በመዳፏ ይዛ ወደ ከንፈሯ ታስጠጋና ሐሳቧን በልቧ ታሳድርባቸዋለች። እኔ ተቀብዬ አሸዋ በለበሰው ትሪ ላይ እጥላቸዋለሁ። ወደ ጠያቂዋ ጉልበት የቀረበችው እሷ ራሷ ናት። ጠርዟ የተሸረፈው ትልቋ የምትጠይቅለት ሰው ነው። የቀሩት እንደ አወዳደቃቸው መንገድ፣ ቤት፣ ሥራ፣ ወሬ ይሆናሉ። አፏን የከፈተች የተነገረ ነገር ናት፤ የተደፋች ያልተነገረ።

ትሁት ግን በልብ መናገር አታውቅበትም። ዛጎሎቹን ጨብጣ፣ ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው ዓይኗን ጨፍና፣ ጮክ ብላ «ዓለምነው ባንታምላክ ልቡ ከማን ጋር ነው?» አለች።

ዶካ ውስጥ ዓለምነው ሞልቷል። የባንታምላክ ልጅ ግን አንድ ነው።

እጄን ዘርግቼ ዛጎሎቹን እንዴት እንደተቀበልኳት አላውቅም። «ምንሽ ነው?» አልኳት። ድምፄ ደህና ነበር።

«እጮኛዬ ነው። ቤተሰቦቻችን ቃል የሰጡን ድንበሩ ሳይከፋ ነው።»

ሐጃ አማል ካስተማረችኝ ሁሉ አንደኛው፣ ራስሽ ያለሽበትን ነገር አትጣይ፣ ለሌላ ሴት ስጪ የሚል ነው። ገበያው ውስጥ ሌሎች የዛጎል ሴቶች አሉ። «ላገሬ ሰው መጣል ይከብደኛል፤ እዚያ ማዶ ወዳለችው ልውሰድሽ» አልኳት።

«አረብኛ አላውቅም፣ እታለም። በአስተርጓሚ ልቤን ልናገር ነው?»

እንቢ ብዬ ዛጎሎቹን ብሰበስብስ? እዚህ አገር የዛጎል ሴት ሳትናገር ከሰበሰበች ሞት አየች ማለት ነው። ስንቷ እያለቀሰች ሄዳለች። ስለዚህ ጣልኳቸው። አምላኬ ይቅር ይበለኝ።

ትልቋ ከትሪው መካከል ወደቀች። አንዷ ወደ ትሁት ጉልበት ተንከባለለችና ተደፍታ ቀረች፣ ለትልቋ ጀርባዋን ሰጥታ። ሌሎቹ ተበታተኑ። አንዲት ብቻ ሄዳ ትልቋ ላይ ተለጠፈች፤ እሷም ተደፍታለች።

አወዳደቁን ለማንበብ ዛጎል መማር አያስፈልግም ነበር። ትሁት ጣቷን ቀሰረች።

«ይቺ ማናት?»

«ዛጎል ናት።»

«አትቀልጂብኝ። ሴት ናት?»

ከሰሉን ቆሰቆስኩ። ከዚያ በሕይወቴ የማልረሳውን ነገር ተናገረች፦ «እታለም፣ ሴት ካለች አዎ በይኝ። ሌላ አልጠይቅሽም። ሴት ከሴት ተጣልታ የሚገኝ ወንድ አልፈልግም፤ ኩራቴ ነው። አዎ ካልሽኝ ሳላናግረው ነገ በመጣሁበት መኪና ወደ መተማ እመለሳለሁ።»

አንዲት ቃል። «አዎ» ብላት ነገ የለችም፤ ዓርብ እሱ መጥቶ ሻዩን ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ ሰሊጡ ሲያልቅ ሽማግሌው ገዳሪፍ ይወርዳል። ውሸት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። እውነቱን ብናገር በቂዬ ነበር።

ግን የሦስተኛዋን ዛጎል ሕግ አውቃለሁ። ትልቋ ላይ የምትለጠፈው ሦስተኛዋ ማን እንደሆነች አይነገርም። ቀይ ናት ጥቁር ናት፣ ረጅም ናት አጭር ናት አይባልም። ሐጃ አማል ወጣት ሳለች አንዴ «ፍንጭት ናት» ብላ ነበር። ጠያቂዋ በማግሥቱ ገበያ ውስጥ ባገኘቻት ፍንጭት ሴት ላይ የፈላ ዘይት ደፋችባት። ሴትዮዋ ባልየውን አይታውም አታውቅ። «ቅናት የሚበላው ሲያጣ የሰጠሽውን ይበላል» ትል ነበር ሐጃ አማል። «አንቺ አታጉርሺው።»

ስለዚህ ሦስተኛዋ የምትጠየቀው ስሟን አይደለም፣ ሥራዋን ነው። ምን ቦታ ይዛለች? ቦታው ባዶ ሆኖ ነው ወይስ አስለቅቃ? እሱም ከሁሉ መጨረሻ ነው የሚታየው። የሚጀመረው ከጠያቂዋ ከራሷ ዛጎል ነው፤ ሌላው ሰው ትሪው ፊት አልተቀመጠማ። የሌለ ሰው ልብ ገልጦ ማየት ስርቆት ነው።

«ትሁት» አልኳት፣ ስሟን ጠይቄ፣ «ይቺን ለጊዜው ተያት። አንድ ዛጎል ሴትም ሊሆን ይችላል፣ ሥራም፣ ሐፍረትም፣ እናትም። እኔ ስም አልሰጠውም፣ አንቺም አትስጪው። ይልቅ ይቺን እያት። አንቺ ነሽ።»

ዝቅ ብላ አየቻት።

«ተደፍታለች። ጀርባዋንም ሰጥታዋለች። ያልነገርሽው ነገር አለ?»

«እኔ? እኔ ምን አለኝ? እሱ እንጂ…»

«ስለ እሱ አልጠየቅሁሽም።»

ብዙ ጊዜ ሴቶች እዚህ ላይ ይቆጣሉ። ትሁትም ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ግን ነጠላዋን ፈትታ ፊቷ ላይ ጫነችው። ሻይ የሚጠጡት ሹፌሮች ዘወር አሉ። እኔ ጠበቅሁ። መጠበቅ የሥራው ግማሽ ነው።

«አባቱ ሞቷል» አለች ከነጠላው ውስጥ። «አያ ባንታምላክ። ዘንድሮ በክረምቱ ታሞ ሞተ። እሱ አያውቅም።»

መርዶ በስልክ አይነገርም። አገራችን እንዲያ ነው፤ ኔትወርኩ ቢኖርም አይነገርም። ሰው ሄዶ፣ በወገን ፊት፣ ማልዶ ነው የሚነገረው። ወንዶቹ እንዳይመጡ መንገዱ ወንድ አያሳልፍም። ስለዚህ እሷ ከነጋዴ ሴቶች ጋር ተቀላቅላ፣ መርዶውን በሆዷ ይዛ ተሻገረች። ሎሪ ተራው ላይ ወርዳ ስሙን ስትጠይቅ አንዱ ወሬኛ ሳቅ ብሎ «እሱማ ከአንዲት ሴት ዘንድ አይጠፋም» አላት።

«ከዚያ ወዲያ ቀናት አለፉ፤ እርሻው ድረስ ሄጄ ሳየውም እሸሸዋለሁ» አለችኝ። «ከሩቅ ሆኜ ማናት እያልኩ ሴቱን ሁሉ አያለሁ። የመጣሁበትን ረሳሁት እኮ፣ እታለም። ያባቱን ሞት ይዤ ቆሜ፣ የምቆጥረው ሴት ሆነ።»

ያባቱን ሞት ከሱ ቀድሜ ሰማሁ። አያ ባንታምላክን አላውቃቸውም፤ ግን አንድ ዓርብ ልጃቸው ሲያወራ «አባቴ ቢያይሽ ሙያሽን ይወደው ነበር» ብሎኝ ነበር።

«አሁን ሦስተኛዋን እንያት» አልኳት።

«እያት።»

እኔን የሆነችውን ዛጎል በጣቴ ነካኋት። «ተደፍታለች። የሷም ያልተነገረ አለ። አጠገቡ ናት፤ ግን እያት፣ በእሱና ባንቺ መካከል አይደለችም። ከዚያኛው ጎን ናት። ያንቺን መንገድ አልዘጋችም። መንገዱ ላይ ያለው ያልተናገርሽው ነገር ነው።»

«ይወዳታል?»

«እሱን ከዛጎል አትስሚም። ከእሱ ነው የምትሰሚው።» ከዚያ የምላትን ቀስ ብዬ ነገርኳት። «መጀመሪያ መርዶው። እርሻው ላይ አንዳርጋቸው የሚባል ትልቅ ሰው አለ፤ ላገሩ ልጆች አባት ነው። ለሱ ንገሪው፤ እሱ ሰው ሰብስቦ ማልዶ ይነግርለታል። በዚያን ቀን ስለ ሌላ ነገር እንዳትተነፍሺ። ልቅሶው ሲበርድ ብቻውን አግኚው። ማናት ብለሽ እንዳትጀምሪ። ማናት ብለሽ ስትጀምሪ ስለ እሷ ታወራላችሁ፤ ስለ ራሳችሁ ሳትነጋገሩ ይመሻል። አንቺ የምትፈልጊውን ተናገሪ፤ እሱ የሚፈልገውን ጠይቂው። ከዚያ ዝም በይ። እስኪጨርስ ዝም በይ። የሚመልስልሽ ምንም ይሁን ምን የምታደርጊውን ቀድመሽ ቁረጪ፤ ያ ኩራትሽ ነው።»

ዓይኗን ጠራርጋ ዛጎሎቹን አየች። «አንዴ ድገሚልኝ። ምናልባት ሌላ ቦታ ይወድቁ ይሆናል።»

«በአንድ ነገር ሁለቴ አይጣልም። የሚቀና ሰው የሚፈልገውን እስኪሰማ ያስጥላል፤ ሰምቶም አይጠግብም።»

ስትነሣ ጉንጬን ሳመችኝ። «እግዜር ይስጥሽ፣ እታለም። ሌላዋ ብትሆን ታቃጥለኝ ነበር።»

*

ዋፋ ሁሉንም ሰምታለች። የሱቋ ግድግዳ ከራኩባዬ ጋር ይገጥማል፤ ሳሙናና ጨርቅ ትሸጣለች። አባቷ የጎንደር እስላም ነጋዴ ናቸው፤ እሷ ገዳሪፍ ተወልዳ ስላደገች በአማርኛ ጀምራ በአረብኛ ትጨርሳለች። ዓለምነው ሲመጣ ሬዲዮዋን ዝቅ የምታደርገው ለመስማት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

«ያ ሸጊቱ፣ መጅኑና ነሽ እንዴ፣ አበድሽ?» ብላ ወጣች። «አዎ ብትያት ኸላስ! ነገ መኪና ላይ ነበረች!»

«ሰማሽኝ አይደል? ሕጉ አይፈቅድም።»

«የምን ሕግ? ሐጃ አማል ሞተች፣ አላህ ይርሐማት። ከመቃብር ተነሥታ ትቀጣሽ ነው?»

«መርዶውን ይዛ ትመለስ ነበር፣ ዋፋ። እሱ አባቱ ሞቶ ሳያውቅ፣ እዚህ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣ ነበር። እኔ እያወቅሁ ሻይ እቀዳለት ነበር።»

ዋፋ ሄዳ ከሱቋ አንድ ብስኩት አመጣችልኝና ከጎኔ ተቀመጠች። አልበላሁትም። እውነቱን ልናገርና፣ ዋፋ ከሄደች በኋላ ትሪውን ገልብጬ አሸዋውን ደፋሁት፤ በራሴ ተናድጄ፣ በትሁት ተናድጄ፣ ያላለቀ ነገር አለኝ ብሎ ያልጨረሰልኝን ሰውዬ ረግሜ። ሕግ አከበረች ተብሎ የሚያቅፋት አለ? የለም።

*

መርዶው ሐሙስ ማለዳ ተነገረ። አንዳርጋቸው ያገር ሰውን ሁሉ ጠርቶ ነበር፤ እኔና ሌሎች ሻይ የምናፈላ ሴቶችም ሄድን። ጎህ እየቀደደ ነው። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሰሊጡ ክምር ጥግ ቆመዋል። ዓለምነው ከመኝታው ወጥቶ ሲያየን ፊቱ ተለወጠ። በዚህ ሰዓት ያገር ሰው ተሰብስቦ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

«ማነው?» አለ። «ማነው? እናቴ ናት?»

«አባትህ ነው፣ ልጄ» አለ አንዳርጋቸው።

ሴቶቹ ጮኹ። እሱ አልጮኸም። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ቀና አለና ከሰዉ መካከል አንድ ሰው እንደሚፈልግ ዓይኑን አዟዟረ። ትሁት ከፊት ነበረች፤ እዚያ መኖሯን ሲያይ ደነገጠ። ዓይኑ ግን አልፏት ሄደ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ሲያገኘኝ መሬት ላይ ተቀመጠና ያኔ ማልቀስ ጀመረ።

ወደ እሱ መሄድ አልቻልኩም። ምኑ ነኝ ብዬ ልሂድ? ለቅሶ ላይ ቦታ አለ፤ የእህት ቦታ፣ የእጮኛ ቦታ፣ የጎረቤት ቦታ። የኔ ቦታ ከኋላ ነበር። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለማላውቃቸው ለአያ ባንታምላክ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ «ሸጊቱ እንባዋ ቅርብ ነው» አለ።

ከሳምንት በኋላ በዓርብ ሳይሆን በሌላ ቀን መጣ። ጺሙን አልተላጨም። ሻይ ቀዳሁለት፤ አልነካውም።

«እናቴ ብቻዋን ናት» አለ።

«ሰማሁ።»

«ትሁት ትናንት አናገረችኝ። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ለጩኸት መልስ ነበረኝ፣ ሸጊቱ። በቁጣ እመልሳለሁ፣ እንጣላለን፣ ያበቃል። አልጮኸችም። ሴት የሚል ቃል እንኳ ካፏ አልወጣም። ‹እኔ አብሬህ ልኖር እፈልጋለሁ፤ አንተስ?› አለችና ዝም አለች። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ዝም አለች። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ኩባያ ማጠቤን ቀጠልኩ። እንዲያ እንድትጠይቀው ያስተማርኳት እኔ ነኝ አላልኩትም።

«ምን አልካት?»

«እናቴ ብቻዋን ናት አልኳት።»

«እሱ መልስ አይደለም።»

«እሷም ይህንኑ ነው ያለችኝ።» ፊቱን በመዳፉ አሸት አደረገ። ማጭዱ የቆረጠው ቦታ ነጭ መስመር ሆኗል። «መሬቱን የሚያርስ የለም። እናቴን ስትጠብቅ የኖረች እሷ ናት፣ ውኃ ስትቀዳላት፣ አባቴን ስታስታምም። እኔ አጭቼ ትቻት… እዚህ አንቺን…» አልጨረሰውም። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «‹አትሂድ› በይኝ። አንቺ ‹አትሂድ› ካልሽኝ እቀራለሁ።»

ሎሪ አለፈ። አቧራው እስኪሰክን ጠበቅሁ።

«አንተ ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት።

ወደ መንገዱ፣ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት በሚወስደው በኩል አየ። እኔም አየሁለት። ዝምታ ማንበብ ሥራዬ ነው።

«አልልህም» አልኩት።

«ለምን? አትወጂኝም?»

«እወድሃለሁ። ይኸው፣ አልኩህ። ጮክ ብዬ ነው የምልህ፣ ዋፋ ግድግዳው ላይ ጆሮዋን ከምታደክም። ግን እኔ ስላልኩህ ብቻ ከቀረህ፣ እናትህን ባሰብክ ቁጥር የምታየው እኔን ይሆናል። እንዲያ ሆኜ መታየት አልፈልግም።»

እጄን ያዘ። በዚያ ገበያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሹፌሮቹ እያዩ ያዘኝ። እርጥብ ነበር እጄ፣ በሳሙና። «እመለሳለሁ» አለ።

ሁለታችንም መንገዱን እናውቀዋለን። ወንድ ወደዚያ ከተሻገረ ወይ ያዘምቱታል፣ ወይ ያግቱታል፣ ወይ መሬቱ ያስቀረዋል። «እሺ» አልኩት።

*

በማግሥቱ ወደ ገላባት የሚሄደው ሎሪ ጠዋት ተጫነ። እኔ አልሸኝም ብዬ ራኩባዬ ሥር ቁጭ አልኩ። ዓለምነው ጭነቱ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል፤ ጋቢ ተከናንቦ ጀርባው ብቻ ይታየኛል። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ያኔ ትሁት ከሎሪው አጠገብ ተነሥታ ወደኔ መጣች።

ልትሰናበተኝ መስሎኝ ተነሣሁ። ከፊቴ ቆመች።

«አንቺ ነሽ፣ አይደል?» አለችኝ።

ልዋሻት ፈልጌ ነበር። ለሷም ይቀላታል፣ ለኔም። ግን ዓይኗ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ድካም ብቻ።

«አዎ» አልኳት።

«መርዶው ሲነገረው በዓይኑ የፈለገው አንቺን ነበር። ያኔ ነው ያወቅሁት።» አቀርቅራ ነጠላዋን አስተካከለች። «አጠገቡ ቆሜ ነበር። እኔን አይቶ አለፈኝና አንቺን ፈለገ።»

«ትሁት…»

«አንዲት ቃል ነበር የጠየቅሁሽ። ብትይኝ ኖሮ ትቼልሽ እሄድ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ሹፌሩ ደግሞ ነፋ። ትሁት ክንዴን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችኝና ዞረች። ዓለምነው ከላይ እጁን ዘርግቶ ጎትቶ አወጣት። ከጎኑ ተቀመጠች፣ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትታ። ሎሪው ሲነሣ ሁለቱም ወደ እኔ አልዞሩም፤ እኔም አልጠራሁም።

አቧራው ሲገለጥ መንገዱ ባዶ ነበር። ሻይ የሚያዝዙኝ ሰዎች ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፣ ከሰል አቀጣጥዬ ውኃ ጣድኩ።